ታፔላውን ማጣመም ወይስ ግድግዳውን ማቃናት? ፎቶ ላይ ታፔላና ፍሬም ከመስቀላችን በፊት

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለአንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ ስንሠራ የደረሰብን ነገር ነው። ደንበኛው የሱቁን ፊት በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ፊት ለፊት ትልቅ ዛፍ ስላለ ከጎን ሆኖ ነው ያነሳው። እኔም ዲዛይኑን ፎቶው ላይ ጫንኩት። አራቱን ጥግ ጎተት ጎተት አድርጌ ከግድግዳው ጋር አመሳሰልኩት። ልክ መሃል ላይ አስቀመጥኩት። ደንበኛው ወደደው። በያጁም ያንኑ ፎቶ እያየ ለማሰሪያው ብረት ግድግዳውን በሳ። ታፔላው ሲሰቀል ከመሃል አንድ ሜትር ያህል ወደ በሩ ተጠግቶ ተገኘ።

በያጁ አላጠፋም፤ ያየውን ነው የሠራው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የፎቶውን መሃል የግድግዳው መሃል አድርጌ ወሰድኩት።

ከጎን በተነሳ ፎቶ ላይ ቅርቡ የግድግዳ ጫፍ ረዝሞ፣ ሩቁ አጥሮ ይታያል። በዚያ ፎቶ ላይ ቅርቡ ጫፍ 600 ፒክስል ቁመት ነበረው፤ ሩቁ 300። ሩቁ ጫፍ ከካሜራው የነበረው ርቀት የቅርቡ እጥፍ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የግድግዳው እውነተኛ መሃል ፎቶው ላይ ግማሽ መንገድ ላይ አይውልም። ከቅርቡ ጫፍ ተነስቶ ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው የሚውለው። እኔ ግማሹ ላይ ያስቀመጥኩት ታፔላ ደግሞ እውነተኛው ግድግዳ ላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ያርፋል። ግድግዳው 6.4 ሜትር ነበር። መሃሉ 3.2 ሜትር ላይ ነው፤ እኔ ያሳየሁት ቦታ 2.13 ሜትር አካባቢ። የጎደለችው አንድ ሜትር ይህቺ ናት።

ይህን ያለ ምንም ስሌት ማየት ይቻላል። ፎቶው ላይ የግድግዳውን አራት ጥጎች በሁለት ሰያፍ መስመሮች አገናኙ። መስመሮቹ የሚቋረጡበት ነጥብ የግድግዳው እውነተኛ መሃል ነው። ፎቶው ምንም ያህል ቢያዘነብል ይህ አይለወጥም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ምንም ባላደርግ እንኳ እነዚህን ሁለት መስመሮች ሳላሰምር ታፔላ አላስቀምጥም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። በእጃችን ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ ታፔላውን በጥጎቹ ጎትቶ ከግድግዳው ጋር ማመሳሰል ነው። ሌላው ግድግዳውን በግሪድ አቃንቶ ታፔላውን ቀጥ ባለው ግድግዳ ላይ ማስቀመጥና መልሶ ማዘንበል ነው። ሦስተኛው በፎቶሾፕ Vanishing Point ግድግዳው ላይ ግሪድ ዘርግቶ ታፔላውን እዚያው መለጠፍ ነው።

ታፔላውን በጥጎቹ መጎተት

ፎቶሾፕ ላይ Ctrl+T ትላላችሁ፤ ከዚያ Ctrl ይዛችሁ እያንዳንዱን ጥግ ወደ ቦታው ትጎትታላችሁ። ጊምፕ ላይ ደግሞ Shift+P ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን መንገድ የሚንቁ ዲዛይነሮች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። አራቱ ጥጎች በትክክል ከተቀመጡ ፊደሎቹ በትክክል ያንሳሉ፣ በትክክል ይጠጋጋሉ። አራት ነጥብ ከተሰጠው ፕሮግራሙ የቀረውን ራሱ ያሰላል። ችግሩ አራቱን ጥጎች የሚያስቀምጠው ዓይናችን መሆኑ ነው።

ዓይን ደግሞ ቁመትን በደንብ ይይዛል፤ በርዝመት ይሸወዳል። የታፔላው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ከአሸንዳውና ከበሩ ራስጌ ጋር አብሮ ሲሄድ ሁሉም ነገር ልክ ይመስለናል። ግራና ቀኙ ጠርዝ የት መቆም እንዳለበት ግን የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ 3 ሜትር የሆነ ታፔላ ሳናውቀው 4 ሜትር ሆኖ ይታያል። ደንበኛው ያንን አይቶ ይከፍላል፤ የተሠራው ሲመጣ ደግሞ "አነሰብኝ" ይላል። እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። Ctrl+T ካላችሁ በኋላ Skew ብቻ ተጠቅማችሁ አታቁሙ። Skew በጎን እጀታው ሲጎተት ታፔላውን ያጋድለዋል እንጂ ሩቁን ጫፍ አያሳንሰውም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል እኩል ቁመት ካላቸው፣ ግድግዳው ግን ወደ ሩቅ እየጠበበ ከሄደ፣ ያጋደለ ስቲከር ነው የሚመስለው።

ይህን መንገድ የምመርጠው ለሐሳብ ብቻ ሲሆን ነው። ደንበኛው ቀይ ይሻላል ወይስ አረንጓዴ እያለ ሲያመነታ፣ ወይም ፎቶው ወደ ፊት ለፊት የተጠጋ ሆኖ ሁለቱ ጫፎች እኩል ሊባል የሚችል ቁመት ሲኖራቸው። ታፔላውን ግን መጀመሪያ Smart Object አድርጉት። ደንበኛ ጽሑፍ ሳይለውጥ አይውልም፤ ስልክ ቁጥር ይጨመርበታል፣ የኦሮምኛው መስመር ይታረማል። Smart Object ከሆነ ውስጡን ከፍታችሁ ትለውጣላችሁ፤ ጥጎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ግድግዳውን በግሪድ ማቃናት

ልኬት ያለበት ሥራ ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ጊምፕ በነፃ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራም ከበቂ በላይ ነው። ያንኑ የመድኃኒት ቤት ፎቶ እንደገና የሠራሁበትን መንገድ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ፎቶው 1280 በ960 ፒክስል ነበር። መጀመሪያ አዲስ ሌየር ላይ አራት ቀይ ነጥቦች አደረግሁ። ሁለቱን ከዞኮሎው መስመር ላይ፣ ሁለቱን ከአሸንዳው ሥር ካለው የግድግዳ ጠርዝ ላይ። ግራዎቹ የግድግዳው ጥግ ላይ ናቸው፤ ቀኞቹ ከጎረቤት ሱቅ ጋር በሚያዋስነው ምሰሶ ላይ። እነዚህን ነጥቦች በኋላ ስለምንፈልጋቸው አታጥፏቸው። አራት ማዕዘኑ በተቻለ መጠን ሰፊ ይሁን። በሩን ብቻ ይዛችሁ ግሪድ ብትዘረጉ፣ በሩ ላይ የተሳሳታችኋት ሁለት ፒክስል ግድግዳው ጫፍ ስትደርስ አሥር ትሆናለች።

ከዚያ የፎቶውን ኮፒ ከፍቼ Shift+P ነካሁ። የመሣሪያው ምርጫዎች ውስጥ Direction የሚለውን Corrective አደረግሁት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። Normal ከሆነ ጥጉን ስትጎትቱ ፎቶው አብሮ ይሄዳል። Corrective ከሆነ ፎቶው ባለበት ቆሞ የምትጎትቱት ግሪዱን ብቻ ነው። ጠማማውን ግድግዳ ግሪዱ እንዲመስለው ታደርጋላችሁ፤ ስትጨርሱ ፕሮግራሙ ያንን ግሪድ ወደ ቀጥታ አራት ማዕዘን ይመልሰዋል። Guides ላይ Number of lines መርጣችሁ መስመሮቹን አብዙ። የግሪዱን ጥጎች ነጥቦቹ ላይ ካደረጋችሁ በኋላ ጥጎቹን ትታችሁ መሃሉን ተመልከቱ። የግሪዱ ቋሚ መስመሮች ከበሩ ጎን፣ አግድሞቹ ከመስኮቱ ራስጌ ጋር አብረው ከሄዱ ጥሩ ነው። ጥጎቹ ልክ ሆነው መሃሉ ከከዳ ወይ አንዱ ነጥብ ሌላ ግድግዳ ላይ ነው፣ ወይ ሌንሱ መስመሩን አጉብጦታል። Clipping የሚለውን Clip አድርጋችሁ Transform በሉት።

ግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጣ። ይህ ግን ገና ውሸት ነው። ጊምፕ የያዛችሁትን አራት ማዕዘን በፎቶው ሙሉ ስፋት ላይ ይዘረጋዋል። ግድግዳው በእውነት ወርዱ ረጅም፣ ቁመቱ አጭር ቢሆንም አሁን 1280 በ960 ሆኗል። መስመሩ ቀጥ ማለቱ ቁመትና ወርዱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ።

ስለዚህ ደንበኛውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ "በሩን በሜትር ለካልኝ።" ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር አለኝ። በተቃናው ፎቶ ላይ በሩን በ Measure ስለካው 400 በ720 ፒክስል ሆነ። 2 ሜትሩ 400 ፒክስል ከሆነ አንድ ሜትር 200 ነው። 2.4 ሜትር ደግሞ 480 መሆን ነበረበት፤ ፎቶው ላይ ግን 720 ነው። ቁመቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ መውረድ አለበት። Image ሜኑ ውስጥ Scale Image ገብቼ በወርድና በቁመት መካከል ያለችውን ሰንሰለት ፈታኋት። ወርዱን 1280 ተውኩት፤ ቁመቱን ከ960 ወደ 640 አወረድኩት። አሁን በቁመትም በወርድም አንድ ሜትር 200 ፒክስል ነው። ግድግዳውም 6.4 ሜትር በ3.2 ሜትር ሆኖ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ታፔላው 3 ሜትር በ40 ሴንቲ ነው፤ ስለዚህ 600 በ80 ፒክስል። መሃሉ 640ኛው ፒክስል ላይ። ከበሩ ራስጌ 30 ሴንቲ ከፍ ይበል ከተባለ 60 ፒክስል። የማይገመት ነገር የለም።

ማረጋገጫ ግን አትዝለሉ። ሁለተኛ ልኬት ያስፈልጋል፤ ያውም ከመጀመሪያው ራቅ ያለ ነገር ላይ። የመስኮቱ ወርድ 1.5 ሜትር ነው ተብያለሁ፤ 300 ፒክስል መሆን አለበት። 280 ቢሆን ኖሮ በመስኮቱ በኩል ያሉት ነጥቦች በትክክል አልተቀመጡም ማለት ነበር። ያኔ ታፔላውን አትነካኩ፤ ተመልሳችሁ ነጥቦቹን አስተካክሉ።

አሁን ታፔላውን ወደ ጠማማው ፎቶ እንመልሰው። የታፔላውን ሌየር ይዛችሁ Layer to Image Size በሉ። ሌየሩ የግድግዳውን ሙሉ ስፋት ይይዛል፤ ከታፔላው ውጪ ያለው ባዶ ነው። ይህን ሌየር ወደ መጀመሪያው ፎቶ ጎትታችሁ አስገቡት። Shift+P፣ አሁን ግን Direction ወደ Normal፣ Clipping ወደ Adjust ይመለስ። የሌየሩን አራት ጥጎች በአራቱ ቀይ ነጥቦች ላይ አሳርፉ። ታፔላውን ራሱን አልነካችሁትም፤ የጎተታችሁት የግድግዳውን ጥግ ነው። ታፔላው ግን በግድግዳው ውስጥ የራሱን ትክክለኛ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። መጀመሪያ ስሠራው ሩቁ ጠርዝ ካሰብኩት በላይ ወደ ቀኝ ሲሄድ "ይሄ ነገር ተሳስቷል" ብዬ ነበር። ሰያፎቹን ሳሰምር ልክ መሃል ላይ ነው።

ፊደሎቹ እንዳይደበዝዙ አንድ ብልሃት አለ። የተቃናውን ፎቶ ታፔላውን ከመሥራታችሁ በፊት በእጥፍ አሳድጉት፤ 2560 በ1280። ሜትሩ 400 ፒክስል ይሆናል። ታፔላውን በትልቁ ሠርታችሁ ስትመልሱት አጥሮ ስለሚገባ ጽሑፉ ጥርት ይላል።

የዚህ መንገድ ወሰን ፎቶው ራሱ ነው። ሩቁ ጫፍ የቅርቡን ሲሶ ብቻ ካከለ፣ ሲቃና ሩቁ በኩል በጣም ይለጠጣል፤ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ይብሳል። የበሩን ጠርዝ ለይታችሁ መለካት አትችሉም። ያኔ ሌላ ፎቶ ጠይቁ። "እንደ ፋይል ላክልኝ" ማለትም አትርሱ፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል። ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ስልኩን ወደ 0.5 ያወርዳል፤ ያ ሌንስ ደግሞ የአሸንዳውን መስመር እንደ ቀስት ያጎብጠዋል። ግሪድ ቀጥታ መስመር ብቻ ነው የሚያውቀው። እንዲህ ያለ ፎቶ ከመጣ መጀመሪያ Lens Distortion ማጣሪያ ላይ መስመሩን አቃኑ፣ ከዚያ ወደ ግሪዱ ሂዱ።

Vanishing Point

ፎቶሾፕ ካላችሁ ይህኛው ከሁለቱ መሃል ያለ መንገድ ነው። ታፔላውን Ctrl+A፣ Ctrl+C ብላችሁ ኮፒ ታደርጋላችሁ። ፎቶው ላይ ባዶ ሌየር ትከፍታላችሁ፤ ይህ ካልሆነ ታፔላው ከፎቶው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። Filter ውስጥ Vanishing Point ገብታችሁ የግድግዳውን አራት ጥጎች ትነካላችሁ። ግሪዱ ሰማያዊ ከሆነ ፕሮግራሙ ተቀብሎታል። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ጥጎቹ ሊሆን የማይችል ቅርጽ ይዘዋል፤ አስተካክሏቸው። ሰማያዊ ሆነ ማለት ግን ልክ ነው ማለት አይደለም። መስመሮቹ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር መሄዳቸውን እዚህም በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ Ctrl+V ብላችሁ ታፔላውን ወደ ግሪዱ ስትጎትቱት ራሱ አዘንብሎ ይገባል።

ጥሩ ነገሩ ታፔላውን ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስታንሸራትቱት እየራቀ ሲሄድ ማነሱ፣ ሲቀርብ ማደጉ ነው። ደንበኛው አጠገባችሁ ተቀምጦ "ትንሽ ወደዚያ" ሲል ከዚህ የሚፈጥን የለም። ልኬት ካልሰጣችሁት ግን ሜትር አያውቅም፤ ታፔላው ከበሩ አንጻር ስንት መሆን እንዳለበት የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ሲጨርስም ፒክስል ሆኖ ይቀራል። ስልክ ቁጥር ሲለወጥ ግሪዱ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ብታገኙትም ታፔላውን እንደገና መለጠፍ አለባችሁ። በዚህ የተነሳ ጽሑፉ ላልጸደቀ ሥራ አልጠቀምበትም።

ያለ እሱ የማልሠራው ግን አንድ ሥራ አለ። መንገድ ጥግ ላይ ያለ ሱቅ ሆኖ ታፔላው ከአንዱ ግድግዳ ዞሮ ወደ ሌላው ሲያልፍ። Ctrl ይዛችሁ የግሪዱን የጎን እጀታ ስትጎትቱ በ90 ዲግሪ ሁለተኛ ግሪድ ይወጣል። የተለጠፈው ታፔላ ማዕዘኑ ላይ ራሱ ይታጠፋል። ላይትቦክስም እንዲሁ ነው። 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሳጥን ፊቱ ግድግዳው ላይ አይደለም፤ ከግድግዳው ወጥቶ ቆሟል። ከጎን ሲታይ ያ ውፍረት ካልታየ ሳጥኑ ወረቀት ይመስላል።

ቀጥታ መስመር የሌለው ግድግዳ፦ ሐረር

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። ከዚራ ላይ ይህ አይቸግርም። ሐረር ጁገል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በድንጋይ ተሠርቶ በየጊዜው የተለሰነና የተቀባ ግድግዳ ጥጉ ዙር ነው፣ ፊቱም አባጣ ጎርባጣ ነው። በአንድ የአደሬ ቤት ውስጥ 70 በ50 ሴንቲ የሆነ ፍሬም ከስፌቶቹ ጎን ምን እንደሚመስል አሳየኝ ተብዬ ነበር። ግሪዱን የማሳርፍበት አንድ ቀጥታ ጠርዝ አላገኘሁም። መደቡን እንኳ ብትይዙ መሃሉ ዝቅ ብሏል።

መፍትሔው አራት ማዕዘኑን ራሳችን መሥራት ነው። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ግድግዳው ላይ ፍሬሙ በሚሰቀልበት ቦታ አራት ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ። ወርዱ 120፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ይሁን። ማዕዘኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱም 150 ሴንቲ መምጣት አለባቸው። ይህን ልኬት የመረጥኩት በምክንያት ነው። 120 በ90 ማለት 4 ለ3 ነው፤ አግድም የተነሳ የስልክ ፎቶም ብዙ ጊዜ 4 ለ3 ነው። ስለዚህ ጊምፕ ላይ በ Corrective ስታቃኑት ቁመትና ወርዱ ራሱ ልክ ሆኖ ይወጣል፤ Scale Image አያስፈልጋችሁም። 1280 ፒክስሉ 120 ሴንቲ ስለሆነ የፍሬሙ 70 ሴንቲ 747 ፒክስል ይሆናል፣ 50 ሴንቲው 533። ከዚያ እንደ ታፔላው መልሳችሁ ታዘነብሉታላችሁ፤ ፕላስተሮቹን በመጨረሻ ከፎቶው ላይ ታጠፋላችሁ።

ግድግዳው ጎርባጣ ስለሆነ ፍሬሙንም በ Warp አጎብጡት የሚል ምክር ሰምቻለሁ። አልስማማም። ፍሬም እንጨት ነው፤ አይታጠፍም። ጎላ ያለው የግድግዳ ክፍል ላይ ደገፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚለወጠው ጥላው ነው፤ ግድግዳው በገባበት ጥላው ይሰፋል፣ በወጣበት ይጠባል። ጥላውን በብሩሽ ትንሽ ሰፋ ጠበብ ብታደርጉት ፍሬሙ በእውነት የተሰቀለ ይመስላል። Warp የሚያስፈልገው ጽሑፉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ በቀለም ሲጻፍ ነው። ያኔም መጀመሪያ በግሪድ አቃንታችሁ፣ መልሳችሁ፣ በመጨረሻ ነው Warp የሚገባው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የፊደሉ ልኬት ይጠፋል።

አሁን ታፔላ በወጣ ቁጥር ሁለት ፋይል እልካለሁ። ለደንበኛው ጠማማውን ፎቶ፤ ሱቁን እንደሚያውቀው ሆኖ ስለሚያየው። ለበያጁ ደግሞ የተቃናውን፤ ከግራ ጥግ እስከ ታፔላው 1.70 ሜትር፣ ከበሩ ራስጌ 30 ሴንቲ ተብሎ የተጻፈበትን።